ተጨማሪ መረጃ፦ ከአሰላ ደጋ ወደ ሶደሬ ፍልውሃ

አንዲት የአሰላ ወጣት እናስብ። አምና የግራ ዓይኗ በሁለት ቀን ውስጥ ደበዘዘ፤ ስታዞረውም ያማት ነበር። ከሳምንታት በኋላ ተሻላት። ዘንድሮ ደግሞ እግሮቿ ደነዘዙ። ዓይንና እግርን ምን አገናኛቸው? ማይሊን ነው። በመልቲፕል ስክለሮሲስ የሰውነት መከላከያ ሴሎች በአንጎል፣ በዓይን ነርቭና በኅብለ ሰረሰር የነርቭ ክሮችን የሸፈነውን ይህን ቅባታማ ልባስ እዚህም እዚያም ይልጡታል። ምልክቱን የሚወስነው ቁስሉ ያረፈበት ቦታ ነው፤ አምና የዓይን ነርቭ ላይ፣ ዘንድሮ ኅብለ ሰረሰር ላይ አረፈ።

ልባሱ ደህና ሲሆን መልእክቱ በልባሱ መካከል ባሉት ክፍተቶች እየዘለለ በሰከንድ እስከ 100 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ሲላጥ ግን ኤሌክትሪኩ ይሾልካል፤ መልእክቱም ይዘገያል ወይም ጭራሽ ይቋረጣል። በሽታው አገረሸ የሚባለው ያኔ ነው። እብጠቱ ሲበርድና ማይሊን በከፊል ሲተካ ሕመምተኛዋ ይሻላታል፤ አዲሱ ልባስ ግን ስስ ነው።

ስስነቱ የሚታወቀው በሙቀት ነው። ወጣቷ ወደ ሶደሬ ወርዳ ፍልውሃ ውስጥ ብትቆይ ያው የግራ ዓይኗ እንደገና ሊደበዝዝ ይችላል። ሙቀቱ በክሩ ላይ ያሉትን የሶዲየም በሮች ቶሎ ይዘጋቸዋልና ደካማው መልእክት መንገድ ላይ ይቀራል። ሰውነቷ ሲቀዘቅዝ ዓይኗ ይመለሳል። ጀርመናዊው የዓይን ሐኪም ኡትሆፍ ይህንኑ በ1890 እ.ኤ.አ. ከአካል እንቅስቃሴ በኋላ አይቶ ጽፎታል። ይህ ማገርሸት አይደለም። እውነተኛው ማገርሸት ትኩሳት ወይም ኢንፌክሽን ሳይኖር ቢያንስ 24 ሰዓት ይቆያል።