የነጥብ ኃይል፦ በአውታሮችና በቆራጭ መስመሮች ላይ የሚሠራ አንድ ሕግ

ሁለት አውታሮች በክብ ውስጥ ሲቋረጡ፣ የአንደኛው አውታር ሁለት ክፍሎች ብዜት ከሁለተኛው አውታር ሁለት ክፍሎች ብዜት ጋር እኩል ነው። ከክቡ ውጭ ካለ ነጥብ ተነሥተው ክቡን በሁለት በሁለት ነጥቦች የሚቆርጡ መስመሮችም ተመሳሳይ ሕግ አላቸው። ዩክሊድ የውስጡን ጉዳይ በ«ኤለመንትስ» 3ኛ መጽሐፍ 35ኛ ቲዎረም፣ የውጩን ደግሞ በ36ኛው ለየብቻ አረጋግጧቸዋል። ተማሪዎችም ብዙውን ጊዜ እንደ ሁለት የተለያዩ ቀመሮች ስለሚይዟቸው፣ በሁለተኛው ላይ ይሳሳታሉ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሁለቱ አንድ ሕግ መሆናቸውን በአንድ ስሌት ማሳየትና ስሕተቱ ከየት እንደሚመጣ በምሳሌ ማብራራት ነው።

ብዜቱ ለምን አይለወጥም?

ማዕከሉ O፣ ሬዲየሱ r የሆነ ክብ እንውሰድ። P በክቡ ውስጥ የሚገኝ ነጥብ ይሁን፤ ከማዕከሉ ያለውን ርቀት d እንበለው። በP የሚያልፍ ማንኛውም መስመር ክቡን በA እና በB ይቁረጥ። ከO ወደዚህ መስመር ቀጤ ነክ ብንጥል፣ የሚያርፍበት ነጥብ M አውታሩን እኩል ለሁለት ይከፍለዋል፤ OA እና OB እኩል ሬዲየሶች ናቸውና። እንግዲህ OM = h፣ MA = MB = m፣ PM = x ብንል፣ የአውታሩ አንዱ ክፍል m − x፣ ሌላው m + x ይሆናል። ስለዚህ፦

PA · PB = (m − x)(m + x) = m² − x²

አሁን የፓይታጎረስን ቲዎረም ሁለት ጊዜ እንጠቀም። ከጎነ ሦስት OMA፣ m² = r² − h² እናገኛለን። ከጎነ ሦስት OMP ደግሞ x² = d² − h² ነው። ሁለተኛውን ከመጀመሪያው ስንቀንስ፦

PA · PB = r² − d²

እዚህ ላይ የጉዳዩ ቁልፍ ይገኛል። መስመሩን በP ዙሪያ ስናዞረው የሚለዋወጡት h፣ m እና x ናቸው፤ በውጤቱ ውስጥ ግን አንዳቸውም የሉም። የቀሩት r እና d ብቻ ሲሆኑ፣ እነዚህ በክቡና በነጥቡ እንጂ በመስመሩ አይወሰኑም። ብዜቱ ለሁሉም መስመሮች አንድ የሆነው ስለዚህ ነው።

P ከክቡ ውጭ ቢሆን ስሌቱ አይለወጥም። ልዩነቱ x ከm መብለጡ ብቻ ነው፤ ቅርቡ ርቀት x − m፣ ሩቁ x + m ይሆናል፤ ብዜቱም d² − r² ነው። ቆራጩ መስመር እየዞረ ሄዶ A እና B በአንድ ነጥብ T ላይ ሲገጥሙ፣ መስመሩ ክቡን ይነካል እንጂ አይቆርጥም፤ ያን ጊዜ PT² = d² − r² ይሆናል።

ሁለቱን ጉዳዮች በአንድ ቁጥር ለመግለጽ d² − r² የነጥቡ ኃይል ይባላል። ስያሜውን በ1826 የሰጠው ያኮብ ሽታይነር ነው። ኃይሉ ለውስጥ ነጥብ ከዜሮ በታች፣ በክቡ ላይ ላለ ነጥብ ዜሮ፣ ለውጭ ነጥብ ከዜሮ በላይ ነው።

ምሳሌ አንድ፦ የሚቋረጡ አውታሮች

የክቡ ሬዲየስ 7 ሳ.ሜ.፣ የP ከማዕከሉ ርቀት 3 ሳ.ሜ. ይሁን። በP የሚያልፍ አንድ አውታር አንዱ ክፍል 5 ሳ.ሜ. ቢሆን ሌላው ስንት ነው? ብዜቱ 49 − 9 = 40 ስለሆነ፣ ሌላው ክፍል 40 ÷ 5 = 8 ሳ.ሜ. ነው። በP የሚያልፈውን ዲያሜትር ብንወስድ ክፍሎቹ 7 − 3 = 4 እና 7 + 3 = 10 ናቸው፤ ብዜታቸውም 40 ነው።

ይኸው ዲያሜትር የተሰጠው መረጃ ትክክል መሆኑን ለመመርመርም ያገለግላል። ከP እስከ ክቡ ያለው ርቀት ከ4 ሊያንስ፣ ከ10 ሊበልጥ አይችልም። አንድ ጥያቄ «አንዱ ክፍል 2 ሳ.ሜ. ነው» ቢል፣ ቀመሩ ለሌላው ክፍል 20 ይሰጣል፤ ይህ ግን ከዲያሜትሩ ከ14 ይበልጣል። ስለዚህ እንዲህ ያለ አውታር የለም።

ምሳሌ ሁለት፦ ቆራጭ መስመሮች

አሁን ሬዲየሱ 8፣ የP ርቀት 10 ይሁን። የP ኃይል 100 − 64 = 36 ነው። አንድ ቆራጭ መስመር ክቡን መጀመሪያ ከP በ4 ርቀት ቢያገኘው፣ ሁለተኛው መቁረጫ ነጥብ ከP በ36 ÷ 4 = 9 ርቀት ላይ ነው። ሌላው መስመር መጀመሪያ በ3 ርቀት ቢያገኘው፣ ሁለተኛው ነጥብ በ12 ርቀት ላይ ይሆናል።

የተለመደው ስሕተት የውጩን ክፍል በክቡ ውስጥ ባለው ክፍል ማባዛት ነው። በአውታሮች ጊዜ የሚባዙት ሁለት ተከታታይ ክፍሎች ስለሆኑ፣ ተማሪው ይህንኑ ወደ ውጭ ነጥብ ይወስደዋል። ነገር ግን ሁለቱም ርቀቶች መለካት ያለባቸው ከP ነው። ስሕተቱን ለማየት ሦስት መስመሮችን እናነጻጽር፤ ሦስተኛው በማዕከሉ የሚያልፈው ነው፤ ርቀቶቹም 2 እና 18 ናቸው። ትክክለኛዎቹ ብዜቶች 4 × 9፣ 3 × 12 እና 2 × 18 ሁሉም 36 ናቸው። የተሳሳቱት ግን 4 × 5 = 20፣ 3 × 9 = 27 እና 2 × 16 = 32 ይሆናሉ። ከመስመር መስመር የሚለዋወጥ ብዜት ኃይል ሊሆን አይችልም።

የሕጉ ተገላቢጦሽ

በP የሚቋረጡ ሁለት የተለያዩ መስመሮች ላይ PA · PB = PC · PD ከሆነ፣ አራቱ ነጥቦች በአንድ ክብ ላይ ይገኛሉ ማለት ይቻላል? ይቻላል፤ ግን በአንድ ሁኔታ ብቻ። ወይ P በሁለቱም መስመሮች ላይ በነጥቦቹ መካከል መሆን አለበት፣ ወይም በሁለቱም ላይ ከነጥቦቹ ውጭ። በአንዱ መስመር P በA እና በB መካከል ሆኖ ርቀቶቹ 4 እና 9፣ በሌላው ግን C እና D ከP በአንድ ወገን በ3 እና በ12 ርቀት ቢሆኑ፣ ሁለቱም ብዜቶች 36 ናቸው። ሆኖም P የአንድ ክብ ውስጥም ውጭም ሊሆን ስለማይችል፣ አራቱን የሚያገናኝ ክብ የለም። ሁለቱ ጉዳዮች የሚለዩት በኃይሉ ምልክት ነው፦ −36 እና +36።

ምሳሌ ሦስት፦ ከስባሪ ሙሉውን ክብ ማግኘት

አፉ ክብ ከሆነ የሸክላ ዕቃ አንድ ስባሪ ቀርቷል እንበል። ሬዲየሱን ለማወቅ የቅስቱን ሁለት ጫፎች የሚያገናኘውን አውታር፣ ከዚያም ከአውታሩ አጋማሽ እስከ ቅስቱ ያለውን ቁመት እንለካለን። አውታሩ 24 ሳ.ሜ.፣ ቁመቱ 8 ሳ.ሜ. ቢሆን፣ በአጋማሹ ላይ አውታሩና ዲያሜትሩ ይቋረጣሉ፦

12 × 12 = 8 × (2r − 8)

ከዚህ 2r − 8 = 18፣ ስለዚህ r = 13 ሳ.ሜ. ነው።

ዘዴው የሚደክመው ቅስቱ ዝርግ ሲሆን ነው። ለዚሁ 24 ሳ.ሜ. አውታር ቁመቱ 1 ሳ.ሜ. ቢሆን ሬዲየሱ 72.5 ሳ.ሜ. ይወጣል፤ ቁመቱን በ1 ሚ.ሜ. ብቻ አብዝተን 1.1 ብንለካው ግን ወደ 66 ሳ.ሜ. ይወርዳል። በመጀመሪያው ስባሪ ላይ የተፈጸመ ተመሳሳይ የ1 ሚ.ሜ. ስሕተት ሬዲየሱን ከ1 ሚ.ሜ. ባነሰ ብቻ ይለውጠዋል። ልዩነቱ የመጣው 144ን ለቁመቱ ስለምናካፍል ነው፤ አካፋዩ ትንሽ ሲሆን ጥቂቷ ስሕተት ትገዝፋለች። ስለዚህ ከአንድ ዕቃ በርካታ ስባሪዎች ቢገኙ፣ ለስሌቱ የሚመረጠው ቅስቱ ረጅምና ጎባጣ የሆነው ነው።