ጎማው አንድ፣ ትርፉ ሦስት

መርካቶ ውስጥ የመኪና ጎማ የሚሸጥ ነጋዴ እናስብ። ሐምሌ 1 የበጀት ዓመቱን ሲጀምር መጋዘኑ ውስጥ በ6,000 ብር ሂሳብ የገዛቸው 100 ጎማዎች አሉት። መስከረም ላይ 200 ጎማ በ7,000 ብር ጨመረ። ጥር ላይ ሌላ 100 አስገባ፤ በዚህ ጊዜ ግን የአንዱ መግዣ 9,000 ብር ደርሶ ነበር። ሰኔ 30 ቆጠራ ሲደረግ 120 ጎማ ተገኘ። የጠፋ የለም ካልን 280 ተሽጧል ማለት ነው። ሁሉንም በ10,000 ብር ስለሸጠ ከሽያጭ ያገኘው 2,800,000 ብር ነው።

ቁጥሮቹ ለስሌት እንዲመቹ ብዬ የመረጥኳቸው ናቸው፤ የዋጋው አካሄድ ግን ለማንም እንግዳ አይደለም። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪን ለገበያ ሲለቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ከውጭ ዕቃ የሚያስመጣ ሁሉ በአንድ መደርደሪያ ላይ አሮጌና አዲስ ዋጋ ጎን ለጎን ይዞ ነበር።

ታዲያ ነጋዴያችን ስንት አተረፈ? ሽያጩ ይታወቃል፤ የማይታወቀው የተሸጡት 280 ጎማዎች ምን ያህል ወጡ የሚለው ነው። ዓመቱን ሙሉ በእጁ የነበረው ዕቃ በድምሩ 400 ጎማ ሲሆን ዋጋውም 600,000 እና 1,400,000 እና 900,000 ተደምሮ 2,900,000 ብር ነው። የሂሳብ ሠራተኛው ሥራ ይህን ድምር ለሁለት መክፈል ነው፤ ከፊሉ የተሸጡ ዕቃዎች ወጪ፣ ከፊሉ የዓመቱ መጨረሻ ክምችት። ሦስቱም ዘዴዎች የሚለያዩት ቢላውን የት ላይ በማሳረፍ ብቻ ነው።

መጀመሪያ የገባው መጀመሪያ ይወጣል በሚለው፣ ባለሙያዎች ፊፎ በሚሉት ዘዴ፣ የቀሩት 120 ጎማዎች የቅርብ ጊዜ ግዢዎች ናቸው ተብሎ ይታሰባል። የጥሩ 100 በ9,000፣ ከመስከረሙ ደግሞ 20 በ7,000፤ ክምችቱ 1,040,000 ብር ይሆናል። ከ2,900,000 ሲቀነስ የተሸጡት ወጪ 1,860,000፣ ከሽያጩ ላይ ያልተጣራው ትርፍም 940,000 ብር ነው።

በተመዘነ አማካይ ዘዴ 2,900,000 ለ400 ይካፈላል፤ አንዱ ጎማ 7,250 ብር ይወጣል። ክምችቱ 870,000፣ የተሸጡት ወጪ 2,030,000፣ ትርፉ 770,000 ብር።

ላይፎ፣ ማለትም መጨረሻ የገባው መጀመሪያ ይወጣል የሚለው ዘዴ፣ ነገሩን ይገለብጠዋል። የቀሩት የድሮዎቹ ናቸው ይላል፤ 100 በ6,000፣ 20 በ7,000፣ በድምሩ 740,000 ብር። የተሸጡት ወጪ ወደ 2,160,000 ያድግና ትርፉ 640,000 ላይ ይወርዳል።

በፊፎና በላይፎ መካከል የ300,000 ብር ልዩነት አለ። ነጋዴው ድርጅት ከሆነና 30 በመቶ የንግድ ትርፍ ግብር የሚከፍል ከሆነ በግብር ብቻ የ90,000 ብር ልዩነት ነው። አንድም ተጨማሪ ጎማ አልተሸጠም፤ ካዝናው ውስጥም የገባ አዲስ ብር የለም። መጋዘን ጠባቂው በእርግጥ የትኛውን ጎማ አንስቶ እንደሰጠም ማንም አልጠየቀም። ዘዴው የሚከተለው የወጪውን ቅደም ተከተል እንጂ የዕቃውን እንቅስቃሴ አይደለም።

በአማካዩ ላይ አንድ ስህተት በተደጋጋሚ ይታያል። 6,000ን፣ 7,000ንና 9,000ን ደምሮ ለሦስት ማካፈል። ውጤቱ 7,333 ብር ገደማ ይሆናል፤ መስከረም ላይ የተገዛው ከሌሎቹ እጥፍ መሆኑን ረስቷል። ስህተቱን ማጋለጥ ግን ቀላል ነው። በዚህ ዋጋ የተሸጡትና የቀሩት ሲደመሩ 2,933,000 ብር ገደማ ይመጣል፤ ዓመቱን ሙሉ በእጅ የነበረው ግን 2,900,000 ነው። ዘዴው ምንም ይሁን ምን፣ ሁለቱ ክፍሎች ተደምረው ዋናውን ካልሰጡ አንድ ቦታ ተሳስቷል።

አማካዩ የሚወጣበት ጊዜም ውጤቱን ይለውጣል። ከላይ ያሰላነው ዓመቱ ካለቀ በኋላ በአንድ ጊዜ ነው። ስቶክ ካርዱን ግዢ በገባ ቁጥር የሚያስተካክል ድርጅት ግን ተንቀሳቃሽ አማካይ ይጠቀማል። ከጥሩ ግዢ በፊት 180 ጎማ ተሽጦ ነበር እንበል። እስከዚያ የነበሩት 300 ጎማዎች ዋጋቸው 2,000,000 ብር ስለሆነ የቀሩት 120 የሚያዙት በ800,000 ነው። የጥሩ 900,000 ሲጨመር 220 ጎማ በ1,700,000 ይሆናል፤ አንዱ 7,727 ብር ገደማ። የዓመቱ መጨረሻ 120 ጎማም ከ870,000 ወደ 927,000 ብር ገደማ ከፍ ይላል። ፊፎ ግን በዚህ አይነካም፤ በየዕለቱም ተሰላ በዓመቱ መጨረሻ ያው 1,040,000 ነው።

አሁን ለባለቤቱ ከሁሉ በላይ ወደሚበጀው ጥያቄ እንምጣ። በፊፎ 940,000 ብር አትርፏል። ይህን ሁሉ አውጥቶ መኪና ቢገዛበትስ? የሸጣቸውን 280 ጎማዎች መልሶ ለመግዛት በጥሩ ዋጋ 2,520,000 ብር ያስፈልገዋል። ከ2,800,000 ሽያጩ ላይ ይህ ሲነሳ የሚተርፈው 280,000 ብር ብቻ ነው፤ ያውም የቤት ኪራይና ደመወዝ ሳይከፈል። ትርፍ ተብሎ ከተመዘገበው ብዙው፣ ዋጋ ሲንር እጁ ላይ በነበረ ዕቃ ያገኘው ነው። የወረቀት ትርፉ እያደገ መጋዘኑ የሚባዶ ነጋዴ ያጋጠመው ብዙውን ጊዜ ይኸው ነው። በእርግጥ ላይፎም ቢሆን እዚህ 640,000 ብር ነው ያሳየው፤ ወደ እውነታው ጠጋ ይላል እንጂ አይደርስበትም።

ላይፎ አሜሪካ ውስጥ በ1930ዎቹ መጨረሻ (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) ለግብር የተፈቀደው በዚህ ክርክር ነው፤ እስከ ዛሬም ይሠራበታል። ሕጉ ግን ለግብር ላይፎን የመረጠ ድርጅት ለባለአክሲዮኖቹ የሚያቀርበውን ሪፖርትም በላይፎ እንዲያዘጋጅ ያስገድደዋል፤ ለግብር ሰብሳቢው ትንሽ ለባለአክሲዮኑ ትልቅ ትርፍ ማሳየት እንዳይቻል። ላይፎ የራሱ መዘዝም አለው። ከዓመታት በፊት በርካሽ የተገዛው ዕቃ ዋጋ መዝገብ ላይ ተኝቶ ይቆያል፤ ክምችቱ ድንገት ሲቀንስ ያ አሮጌ ዋጋ ከዛሬ መሸጫ ጋር ይጋጠምና ትርፉ ያለ ሥራ ያብጣል።

ክምችትን የሚመለከተው ዓለም አቀፍ የሂሳብ ደረጃ፣ አይኤኤስ 2፣ በአውሮፓውያኑ 2003 ሲሻሻል ላይፎን ከልክሏል። ኢትዮጵያም በአዋጅ ቁጥር 847/2006 ዓለም አቀፍ ደረጃዎቹን ስለተቀበለች በእነሱ ሪፖርት የሚያደርግ ድርጅት ለእንደ ጎማ ላለ ተመሳሳይ ዕቃ የሚቀርለት ፊፎና የተመዘነ አማካይ ነው። ለአንድ ዓይነት ዕቃ የተመረጠው ዘዴ ከዓመት ዓመት ይቀጥላል፤ ትርፉ ዘንድሮ እንዲያምር ብሎ መቀያየር አይፈቀድም።

ጎማ ነጋዴ ብሆን አማካዩን እመርጥ ነበር። ዋጋ ሲዘል ትርፉን እንደ ፊፎ አያጋንነውም፣ መዝገቡም አያስቸግርም። የትኛውንም ብትመርጡ፣ ትርፍ ተብሎ የተጻፈውን ከማውጣታችሁ በፊት የሸጣችሁትን ዕቃ በዛሬ ዋጋ ለመተካት ስንት እንደሚያስፈልግ በሌላ ወረቀት አስሉ።