ብሎኬት እየቆጠሩ ዋጋ ማቅረብ

ቤቱ አዲስ አበባ፣ ባለቤቷ ሜሪላንድ። አጥሩን በውስጥ በኩል ለማስለሰን ስድስት ፎቶ ለአንድ አነስተኛ ተቋራጭ ላከች። 15 ከረጢት ሲሚንቶ ያስፈልጋል አላት። «ወንድሜ አሥር ይበቃል ይላል፤ ሳያዩት 15 ከየት መጣ?» ስትል ጻፈችለት።

የመልሱ ኢሜይል ዋጋውን አልቀነሰም፤ አቆጣጠሩን ዘረዘረ እንጂ። «ጤና ይስጥልኝ። ቦታው ድረስ አልሄድኩም፤ የለካሁት በብሎኬቱ ነው» ብሎ ይጀምራል። እዚህ ላይ ዘዴኛ ነው። የስልክ ካሜራ ርቀትን ያዛባል፤ የብሎኬት ቁጥር ግን አይዛባም። የተለመደው ብሎኬት 40 ሳንቲ ሜትር ይረዝማል፣ ቁመቱ 20 ነው፤ ከማያያዣው ጋር 41 በ21 ይሆናል። በቁመት 11 ረድፍ ቆጥሮ 2.31 ሜትር አገኘ። በአንዱ ፎቶ ላይ የታየው ግን 10 ረድፍ ብቻ ነበር፤ ታችኛውን የአፈር ክምር ሸፍኖታል። በርዝመት በኮለኖቹ መካከል ሰባት ሰባት ብሎኬት አለ፤ ስምንቱ ክፍል ከነኮለኖቹ 24.8 ሜትር ነው። ስፋቱ 57 ካሬ ሜትር ሆነ።

ከዚህ በኋላ ያለው የልስኑ ውፍረት ነው። እሱ 2.5 ሳንቲ ሜትር ያዘ፤ ይህም 1.43 ሜትር ኩብ ልስን ነው። አሸዋና ሲሚንቶ ውሃ ሲነካቸው ስለሚሟሽሹ ደረቁ ወደ 1.86 ሜትር ኩብ መሆን አለበት። አንድ እጅ ሲሚንቶ ለሦስት እጅ አሸዋ ሲባል ሩቡ ሲሚንቶ ነው፤ ክብደቱ 670 ኪሎ ገደማ፣ በ50 ኪሎ ከረጢት 13 ከግማሽ ያህል። ለሚፈሰውና ለሚደርቀው አሥር በመቶ ሲጨመርበት 15 ይሞላል። የወንድምየው አሥር ከረጢት ልስኑን ከሁለት ሳንቲ በታች ያደርገዋል፤ ያ የሚሆነው ደግሞ ግንቡ በቱንቢ የተሠራ ከሆነ ብቻ ነው።

ፎቶ የማያሳየውም ይኸንኑ ነው። ግንቡ ፊት ለፊት ሲታይ የሆዱ መውጣትና መግባት አይለይም። በእኔ ግምት የኢሜይሉ ምርጥ መስመር ይህን ያመነበት ነው፦ «ግድግዳው ቀጥ ያለ መስሎኝ ነው 2.5 የያዝኩት። በእያንዳንዱ ግማሽ ሳንቲ ሦስት ከረጢት ይጨምራል ወይም ይቀንሳል። ወንድምዎ ከዳር እስከ ዳር ሲባጎ ወጥሮ በሲባጎውና በግንቡ መካከል ያለውን ክፍተት በየኮለኑ ለክቶ ይላክልኝ፤ እስከዚያ ሲሚንቶ አይግዙ።»

ወንድምየው ሲባጎውን ወጠረ። በሦስት ክፍል ላይ ግንቡ ወደ ውስጥ ገብቷል፤ አማካይ ውፍረቱ ሦስት ሳንቲ ሆነ። የተገዛው 18 ከረጢት ነው።