«ዋጋ በውስጥ መስመር» የሚያስከፍለው ቀን

ሽሮ ሜዳ ላይ የሐበሻ ቀሚስ የሚሸጡ ብዙ ነጋዴዎች ዛሬ ሱቃቸው ብቻ አይደለም የሚሸጥላቸው፤ የቴሌግራም ቻናላቸውም ይሸጥላቸዋል። በቻናሉ በኩል ከሚመጡት ገዢዎች ብዙዎቹ አዲስ አበባ አይኖሩም። ዋሽንግተን፣ ጂዳ፣ ዱባይ፣ ሎንዶን ወይም ቴል አቪቭ ሆነው ለሠርግ፣ ለክርስትና ወይም ለበዓል የሚለብሱትን የሚፈልጉ ናቸው። ጨርቁን በእጃቸው አይዳስሱትም፣ ለብሰው አይለኩትም። ያላቸው ፎቶውና ከፎቶው ሥር የተጻፈው ብቻ ነው። እዚያ የተጻፈው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ነው፦ «አዲስ ዲዛይን ገብቷል። ለዋጋ በውስጥ መስመር ያናግሩን።»

ይህች አጭር ጽሑፍ ምን ያህል ቀን እንደምትበላ እናስላ። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖር ሴት ከሥራ ገብታ፣ ልጆቿን አስተኝታ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ «እህቴ፣ ይሄ ስንት ነው?» ብላ ጻፈች እንበል። በበጋ በሁለቱ ከተሞች መካከል የሰባት ሰዓት ልዩነት አለ፤ በአሜሪካ ክረምት ስምንት ይሆናል። ስለዚህ መልእክቷ ሲደርስ አዲስ አበባ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ነው። ነጋዴዋ ሱቅ ከፍታ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ዋጋውን ትመልሳለች፤ ያኔ ሜሪላንድ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ሆኗል። ገዢዋ መልሱን የምታየው ጠዋት ወደ ሥራ ስትሮጥ ነው፤ የሚቀጥለውን ጥያቄዋን የምትጽፈው ማታ ስትመለስ ነው። «ነጠላው አብሮ ነው?» ሌላ ቀን። «ገበር አለው?» ሌላ ቀን። «መቼ ይደርሳል?» ደግሞ ሌላ። አምስት ጥያቄ አምስት ቀን ይወስዳል፤ ቀሚሱ ገና አልተቆረጠም፣ ክርስትናው ግን ቀርቧል። ሁለቱም ወገኖች ሰነፎች አይደሉም። መልሱ መጀመሪያውኑ ፎቶው ሥር ቢሆን ኖሮ ገዢዋ በመጀመሪያው ምሽት ትወስን ነበር።

የትኛው ጥያቄ መግለጫው ውስጥ መግባት እንዳለበት ለማወቅ መገመት አያስፈልግም። ነጋዴዋ ያለፉትን ሠላሳ አርባ ንግግሮች ወደ ኋላ እየመለሰች ታንብብና የገዢውን የመጀመሪያ ሦስት ጥያቄዎች ወረቀት ላይ ትጻፍ። ብዙም ሳትርቅ ተመሳሳዮቹ ሲደጋገሙ ታያቸዋለች። በቀሚስ ንግድ የሚደጋገሙት ዋጋው፣ ጨርቁ ፈትል ይሁን መነን፣ ጥልፉ የእጅ ይሁን የማሽን፣ ገበሩ፣ ነጠላና መቀነቱ፣ ልኩ፣ የሚወስደው ጊዜና መላኪያው ናቸው። የገበሩ ጥያቄ ቀላል ይመስላል። ነገር ግን መነን ስስ ስለሆነ ነጭ ቀሚስ ያለ ገበር ብርሃን ላይ ሰውነት ያሳያል፤ ይህን የምታውቅ ሴት ገበሩን ሳትጠይቅ ገንዘቧን አትልክም።

በዋጋው ላይ ነጋዴዎች የሚያነሱት ምክንያት ሊናቅ አይገባም። ዋጋ ሲጻፍ ጎረቤት ሱቅ አይቶ አምስት መቶ ብር ይቀንሳል፤ ገዢም ሳያናግር ያልፋል ይላሉ። እውነት አላቸው፤ አንዳንዱ ያልፋል። ግን ያለፈው ሰው ዋጋውን በውስጥ መስመር ቢሰማም አይገዛም ነበር፤ ልዩነቱ የነጋዴዋን ግማሽ ሰዓት ይዞ መሄዱ ነው። ጎረቤት ነጋዴም ዋጋውን ለማወቅ ገዢ መስሎ አንድ መልእክት መላክ ይበቃዋል። በዚህ ላይ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ የዕቃውን ዋጋ በግልጽ እንዲያሳይ ያዛል። የሚከብደው ነገር ሌላ ነው፤ ዋጋ ይለወጣል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ በክርና በጨርቅ ዋጋ የተማረረ ነጋዴ «የዛሬ ወር የጻፍኩትን ልሽጥ?» ብሎ ቢፈራ አይፈረድበትም። መፍትሔው ዋጋውን መደበቅ ሳይሆን እስከ መቼ እንደሚጸና አብሮ መጻፍ ነው።

ከሁሉም በላይ ጊዜና ገንዘብ የሚያጠፋው ልክ ነው። ገዢዋ «38 ነኝ» ትላለች። አሜሪካ ለምትኖር ሴት ይህ የደረቷ ዙሪያ በኢንች ሊሆን ይችላል፤ ወደ 96 ሳንቲ ሜትር ማለት ነው። ከአውሮፓ የምትጽፍ ሴት ግን የልብስ ቁጥሯን እየነገረቻት ነው፤ በአውሮፓ 38 ቁጥር የምትለብስ ሴት ደረቷ 88 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ነው። የስምንት ሳንቲ ሜትር ልዩነት ያለው ቀሚስ ወይ አይዘጋም ወይ ትከሻ ላይ ይንሸራተታል፤ አንዴ ውቅያኖስ ከተሻገረ ደግሞ መመለሻው ከቀሚሱ ዋጋ ጋር ሊቀራረብ ይችላል። ስለዚህ መግለጫው ቁጥርን ከነመለኪያው ይጻፍ፤ በሳንቲ ሜትር ጽፎ ኢንቹን ማስከተል ጥርጣሬውን ያጠፋል።

ሁለተኛው ችግር ይበልጥ የተሸሸገ ነው። «ደረት 102» ሲባል የቀሚሱ ነው የሴቲቱ? የሐበሻ ቀሚስ ጨርቅ እንደ ሹራብ አይለጠጥም፤ ለመተንፈስና እጅ ለማንሳት ከሰውነት አምስት ስድስት ሳንቲ ሜትር መስፋት አለበት። ዙሪያው 102 የሆነ ቀሚስ የሚሆናት ደረቷ 96 ለሆነ ሴት ነው። ነጋዴዋ ቀሚሱን ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ ከብብት እስከ ብብት ለክታ በሁለት ታባዛና «የቀሚሱ ልክ» ብላ ትጻፍ፤ ከዚያ ምን ያህል ሰውነት እንደሚይዝ ትጨምር። ቁመቱም ከትከሻ እስከ ጫፍ ይሁን። «ለረጅም ሴት ይሆናል» የሚለው የሚያመጣው ተጨማሪ ጥያቄ ብቻ ነው።

ቦታ የለም የሚል ካለ ልክ ነው፤ ግን ከሚያስበው ይበልጣል። ቴሌግራም ላይ ያለ ክፍያ ለሚጠቀም ሰው ከፎቶ ሥር 1,024 ፊደልና ምልክት ይፈቀዳል፤ ይህም ለአንድ ቀሚስ ይበቃል። የማይበቃው የሱቁን ሁሉ ደንብ እዚያው ልጻፍ ላለ ነው። የሱቁን አድራሻ፣ የክፍያ መንገዱን፣ መላኪያውን የሚመለከተው በሁሉም ቀሚስ ላይ አንድ ስለሆነ ቻናሉ አናት ላይ በሚሰካ አንድ መልእክት መቀመጥ ይችላል። እዚህ ላይ ግን ብዙዎች የሚዘነጉት ነገር አለ። ቀሚስ የሚሸጠው ፎቶው ከሰው ወደ ሰው ሲላክ ነው። ፖስቱ ወደ እህት ሲተላለፍ ከሥሩ ያለው ጽሑፍ አብሮት ይሄዳል፤ አናት ላይ የተሰካው መልእክት ግን እዚያው ይቀራል። አንዷ ፎቶውን ብቻ አውጥታ በዋትሳፕ ከላከችው ደግሞ ጽሑፉም ይቀራል፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ «ይሄ አለ?» የሚል ፎቶ ተመልሶ ይመጣል፣ ነጋዴዋም የትኛው እንደነበር ፍለጋ ትገባለች። ስለዚህ ዋጋና ልክ የቀሚሱ ሥር ይጻፉ፤ የቀሚሱ መለያ ቁጥርና የቻናሉ ስም ደግሞ ፎቶው ላይ በራሱ ይታተሙ።

ቀን ሲጻፍም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። «ጥቅምት 10 ይደርሳል» የተባለችው ገዢ ኦክቶበር 10 ብላ ብትረዳው በአብዛኛው ዓመት አሥር ቀን ቀድማ መጠበቅ ትጀምራለች፤ ከዚያ በየቀኑ «የት ደረሰ?» ትላለች። ሁለቱንም አቆጣጠር ጎን ለጎን መጻፍ ይህን ሁሉ ያስቀራል። ስፌትና ጉዞም ተለይተው ይነገሩ፤ ነጋዴዋ የምታውቀው ቀሚሱ መቼ ተሰፍቶ እንደሚያልቅ ነው፣ ፖስታው በስንት ቀን እንደሚደርስ ግን በእጇ አይደለም።

ይህን ሁሉ አንድ ላይ ብናመጣው ለምሳሌ እንዲህ ያለ መግለጫ ይወጣል፦

«ቁጥር 47። መነን ቀሚስ፤ ጥልፉ የእጅ ነው፤ ሙሉ ገበር አለው። ነጠላና መቀነት ዋጋው ውስጥ ናቸው። ዋጋ 18,500 ብር፣ እስከ መስከረም 30 (ኦክቶበር 10) የሚጸና፤ መላኪያ ለብቻው ነው። የተሰፋው አንድ አለ። የቀሚሱ ልክ፦ ደረት ዙሪያ 102 ሳ.ሜ.፣ ወገብ 88፣ ከትከሻ እስከ ጫፍ 142። ደረቷ እስከ 96 ሳ.ሜ. (38 ኢንች ገደማ) ለሆነ ሴት ይሆናል። በሌላ ልክ ለማሰፋት ቀብድ ከገባ በኋላ 15 የሥራ ቀን፣ ጉዞው ሳይቆጠር። ተጠቅልሎ 2 ኪሎ ይመዝናል። ለማዘዝ ቁጥሩን፣ ልክዎን በሳ.ሜ.፣ የሚላክበትን ከተማና የሚፈለግበትን ቀን በአንድ መልእክት ይላኩ።»

ክብደቱ የተጻፈው በከንቱ አይደለም። ገዢዋ በፖስታ ይሁን በፈጣን መላኪያ ድርጅት ምን ያህል እንደሚያስከፍላት ራሷ ልትጠይቅ ትችላለች፤ ወደ አገሯ የሚመለስ ዘመድ ካላትም ሻንጣው ውስጥ ይገባ እንደሆነ ታውቃለች። ቀረጥን በተመለከተ ግን ነጋዴዋ ቃል ባትገባ ይሻላል። አሜሪካ ከ800 ዶላር በታች ለሆነ ዕቃ ትሰጥ የነበረውን ከቀረጥ ነፃ መብት ከኦገስት 29 ቀን 2025 ጀምሮ ለሁሉም አገር አቋርጣለች፤ «ምንም አይከፈልበትም» የሚል የድሮ ጽሑፍ አሁንም ቻናል ላይ ካለ ጠብ ያመጣል። «ቀረጥ ቢኖር በተቀባይ ነው» የሚለው እውነትም አጭርም ነው።

እንዲህ ያለ መግለጫ የሚጎዳው ሳይታደስ ሲቀር ነው። ቀሚሱ ተሸጦ ጽሑፉ «አንድ አለ» ካለ ነጋዴዋ ከዝምታ የባሰ ነገር ሠራች ማለት ነው፤ ገዢዋ ወስና፣ ልኳን ልካ፣ ገንዘብ ልትልክ ስትል «አልቋል» ትባላለች። ቻናል ላይ የወጣን ፖስት በኋላም ማረም ይቻላል። የመጀመሪያውን መስመር «ተሽጧል፤ በትእዛዝ ይሰፋል» ብሎ መለወጥ ፖስቱን ከማጥፋት ይበልጣል፤ ቀሚሱን ወድዳ የመጣች ገዢ ማዘዝ እንደምትችል ታውቃለችና።

መግለጫው የማይመልሳቸው ጥያቄዎችም ይቀራሉ። አንዷ ከወለደች ሦስት ወሯ ነው፣ እያጠባች ስለሆነ ከፊት የሚከፈት ትፈልጋለች። ሌላዋ ከባሏና ከሁለት ልጆቿ ጋር ጥለቱ አንድ እንዲሆን ትፈልጋለች። ሦስተኛዋ ልክ አወሳሰድ አታውቅም፤ ሜትሩን ከጡት በላይ ታስረው ከጡት በታች ግራ ገብቷታል። እነዚህ ንግግር የሚፈልጉ ናቸው፤ ነጋዴዋ የድምፅ መልእክት ልካ፣ በቪዲዮ አሳይታ፣ ከሰፊው ጋር ተማክራ የምትመልሳቸው። «ስንት ነው?» የሚሉ መልእክቶች ሲቀንሱላት ለእነዚህ ሴቶች የሚሆን ሰዓት ታገኛለች።