ከፍርዱ በኋላ ያለው መዝገብ

ተፈርዶልህም ባለዕዳው አልከፍልም ካለ፣ ፍርድ ቤቱ በራሱ ተነስቶ ንብረቱን አይፈልግልህም። ማስፈጸሙ የሚጀምረው አንተ በ1958 ዓ.ም. የወጣውን የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ተከትለህ የአፈጻጸም አቤቱታ ስታቀርብ ነው።

አቤቱታው ረጅም አይደለም። የመዝገቡ ቁጥር፣ ፍርዱ የተሰጠበት ቀን፣ የተከራካሪዎቹ ስም፣ ይግባኝ መጠየቅ አለመጠየቁ፣ እስካሁን የተከፈለ ካለ፣ ቀሪው ዕዳ ከነወለዱና ከነወጪው፣ በመጨረሻም ፍርድ ቤቱ እንዲያደርግልህ የምትሻው ነገር ይጻፍበታል። የፍርዱ ግልባጭ ይያያዛል። ብዙ ሰው የሚሰናከለው እንዲያዝለት በሚጠይቀው ንብረት ዝርዝር ላይ ነው።

አንድ ነጋዴ 480,000 ብር ከ9 በመቶ ሕጋዊ ወለድ ጋር ተፈርዶለታል እንበል። ባለዕዳው ቤትና ሚኒባስ አለው፤ በባንክም ገንዘብ ያንቀሳቅሳል። ነጋዴው «ቤት፣ መኪናና የባንክ ሒሳብ አለው» ብሎ ቢጽፍ፣ ፍርድ ቤቱ ለማን ምን ብሎ ያዛል? ትዕዛዙ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት የሚሄድ ደብዳቤ ነው፤ ተቀባዩም ንብረቱን ለይቶ ማግኘት አለበት። ስለዚህ ለሚኒባሱ የሰሌዳ ቁጥሩን፣ ለቤቱ ክፍለ ከተማውን፣ ወረዳውን፣ የቤት ቁጥሩንና ከተገኘ የካርታ ቁጥሩን፣ ለገንዘቡ የባንኩንና የቅርንጫፉን ስም ይጻፍ። ባለዕዳው ከሌላ ሰው የሚቀበለው ገንዘብ ካለም ሊያዝ ስለሚችል፣ ቤቱን አከራይቶ ከሆነ ተከራዩም ይጠቀስ።

ነጋዴው ንብረቱ የት እንዳለ ካላወቀ፣ ባለዕዳው ፍርድ ቤት ቀርቦ ስለ ንብረቱ እንዲመረመር መጠየቅ ይችላል። ይህ መብት ጠቃሚ ነው፤ ግን እኔ ብቻውን አልተማመንበትም። የሚሸሽ ሰው መጥሪያ ሲደርሰው መኪናውን ወደ ወንድሙ ስም ለማዞር ይሯሯጣልና፣ ከአቤቱታው ጋር ንብረቱ እንዳይሸጥና እንዳይለወጥ የእግድ ትዕዛዝ አብሮ መለመን ይሻላል።

የሚጠብቁት ሁሉ ደግሞ አይያዝም። የቤተሰቡ ልብስና መኝታ፣ የማብሰያ ዕቃ፣ የሙያ መሣሪያ ከመያዝ ነጻ ናቸው፤ ከደመወዝም አብዛኛው አይነካም። ቤቱ የባልና ሚስት ከሆነ፣ ያልተከሰሰችው ሚስት «ድርሻዬ ነው» ብላ መቃወሚያ ልታቀርብ ትችላለች፤ ክርክሩ እስኪያልቅም ሽያጩ ይዘገያል። በባንክ የተያዘ ቤት ከሆነ መጀመሪያ የሚከፈለው ባንኩ ነው። በነጋዴው ቦታ ብሆን ከቤቱ ይልቅ ሚኒባሱን አስቀድሜ አስይዝ ነበር።

ንብረቱ ከተያዘ በኋላ ይገመታል፣ በሐራጅ ይሸጣል፣ ዕዳው ከሽያጩ ይከፈላል፤ ትርፍ ካለ ለባለዕዳው ይመለሳል።

ፍርዱ ከተሰጠ ጀምሮ 10 ዓመት ያለ አፈጻጸም አቤቱታ ካለፈ ጥያቄው በይርጋ ይታገዳል።