የልደት ቀኑ በየትኛው አቆጣጠር ነው?

አንድ ወጣት ለሥራ ፈጠራ ውድድር ሲያመለክት የልደት ቀኑን 12/04/1996 ብሎ ሞላ። የውድድሩ ደንብ ምዝገባው በሚዘጋበት በመስከረም 30 ቀን 2018 ዓ.ም. ዕድሜው ከ18 እስከ 28 የሆነ ሰው ይወዳደር ይላል። ቀኑ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከሆነ ወጣቱ የተወለደው ታኅሣሥ 12 ቀን ነው፤ ዕድሜው 21 ስለሆነ ያልፋል። በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ቀኑ ቀድሞ የተጻፈ ከሆነ ደግሞ የተወለደው ኤፕሪል 12 ቀን 1996 ነው፤ 29 ዓመት ሞልቶታልና ይወድቃል። አሜሪካውያን እንደሚያደርጉት ወሩ ቀድሞ ከሆነም ዲሴምበር 4 ይሆናል፤ 28 ዓመቱ ነውና ለጥቂት ያልፋል። ቁጥሮቹ አንድ ናቸው፤ ሦስት የተለያዩ ሰዎች ግን ይወጣቸዋል።

ይህ ምሳሌ ለማስረዳት የተቀናበረ ነው። የሥራው አካሄድ ግን የተለመደ ነው፦ አንዱ ድርጅት ቅጹን አዘጋጅቶ ማመልከቻ ይሰበስባል፤ ሌላው ድርጅት ደግሞ ማመልከቻዎቹን አጣርቶ ነጥብ የሚሰጥ ሶፍትዌር ይሠራል። የሶፍትዌሩ ባለሙያ አመልካቹን አያውቀውም፤ ቅጹ ሲሞላም አጠገቡ አልነበረም። የሚደርሰው ፋይል ብቻ ነው። ፋይሉ የማይናገረውን ነገር ሶፍትዌሩ በግምት ከሞላው፣ አንድ ሰው ሳያጠፋ ሊወድቅ፣ ሌላው ሳይገባው ሊያልፍ ነው። ስለዚህ ባለሙያው ምዘናውን ከመጀመሩ በፊት ለአጋር ድርጅቱ ኢሜይል መጻፍ አለበት። ኢሜይሉ እንዴት ቢጻፍ ነው የሚፈለገው መረጃ የሚመጣው?

ብዙ ጊዜ የሚጻፈው «የተላከው መረጃ ያልተሟላ ስለሆነ አስፈላጊዎቹን ዓምዶች በሙሉ አሟልታችሁ ላኩልን» የሚል ነው። እንዲህ ያለው ኢሜይል ሥራውን አያንቀሳቅሰውም። ተቀባዩ ፋይሉን ከፍቶ ሲያይ የልደት ቀን የሚለው ዓምድ ከላይ እስከ ታች ሞልቷል። ምኑ ነው የጎደለው? እውነትም ቀኑ አልጎደለም። የጎደለው ቀኑ በየትኛው አቆጣጠር እንደተጻፈ የሚናገር ሌላ ዓምድ ነው፤ እሱ ደግሞ መጀመሪያውኑ ቅጹ ላይ ስላልነበረ ማንም አይናፍቀውም።

ጠንቃቃ ባለሙያ ኢሜይሉን ከመጻፉ በፊት ፋይሉን ራሱን ይመረምራል። የኢትዮጵያ ወር 30 ቀን ነው፤ 31 የሚባል ቀን የለውም። በአውሮፓውያኑ ግን ሰባት ወሮች 31ኛ ቀን ስላላቸው፣ ልደታቸው በዓመቱ ውስጥ ተሰራጭቶ ከሆነ ከ1000 ሰዎች ወደ 19 የሚሆኑት በ31 የተወለዱ መሆን አለባቸው። በ1000 ማመልከቻ ውስጥ አንድም 31 ካልተገኘ ፋይሉ በአብዛኛው በእኛ አቆጣጠር ተሞልቷል ማለት ነው። 13ኛ ወር ወይም የሁለተኛው ወር 30ኛ ቀን ከተገኘም፣ ጳጉሜን እና ጥቅምት 30 በእኛ አቆጣጠር ብቻ ያሉ ስለሆኑ ማስረጃው የማያሻማ ነው። አስቸጋሪው ሁለቱም ሲገኙ ነው። ፓስፖርቱን አይቶ የሞላው በአውሮፓውያን፣ የቀበሌ መታወቂያውን አይቶ የሞላው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጽፏል፤ ስለዚህ «ፋይሉ በሙሉ በዚህ አቆጣጠር ነው» የሚል አንድ ማስታወሻ አይበቃም። ጥያቄው ለእያንዳንዱ አመልካች መቅረብ አለበት።

ሁለተኛው ጣጣ ሰዓት ነው። ምዝገባው የሚዘጋው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ነው እንበል። ብዙ ሰርቨሮች ጊዜን የሚመዘግቡት በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት ሲሆን አዲስ አበባ ከዚያ በ3 ሰዓት ትቀድማለች። ፋይሉ ላይ `2025-10-10 21:30` ተብሎ የተጻፈ ማመልከቻ የአዲስ አበባ ሰዓት ተደርጎ ከተነበበ የገባው ከምሽቱ 3፡30 ነው፤ በጊዜው ደርሷል። የሰርቨሩ ሰዓት ከሆነ ግን ከሌሊቱ 6፡30 ነው፤ በሩ ከተዘጋ ግማሽ ሰዓት አልፏል። ይህን የሚፈታው ከሰዓቱ ጋር `+03:00` ወይም `Z` የሚል ምልክት መጨመር ብቻ ነው። የመጀመሪያው የአዲስ አበባን፣ ሁለተኛው የመነሻውን ሰዓት ያመለክታል።

ከሁሉ የሚከብደው ባዶ ቦታ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱም ሳይታወቅ ወደ ቁጥርነት ይለወጣል። አንዲት አመልካች የሦስት ወር ሽያጯን ስትሞላ ለመጀመሪያው ወር 12,000 ብር፣ ለሦስተኛው 18,000 ብር ጻፈች፤ የመሃሉን ተወችው። ሶፍትዌሩ ባዶውን ከዘለለው አማካዩ 15,000 ብር ነው። እንደ ዜሮ ከቆጠረው ወደ 10,000 ይወርዳል። በዚያ ወር ሱቋ ተዘግቶ ከነበረ ዜሮው ትክክል ነው። ደረሰኙ ጠፍቶባት ከሆነ ዜሮ መቁጠር ግፍ ነው። ሥራውን በመሃል አቁማ እንደገና ጀምራ ከሆነ ደግሞ ዳኞቹ በሌላ መስፈርት ሊያዩዋት ይገባል። ባዶው ቦታ ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ ከእሷ በቀር የሚያውቅ የለም።

እዚህ ላይ ብዙዎች «እንግዲያው ዓምዱን አስገዳጅ እናድርገው፤ ካልሞሉ አያሳልፋቸው» ይላሉ። መድኃኒቱ ይህ ብቻ ከሆነ በሽታውን ያብሳል። መልስ የሌለው ሰው ቅጹ እንዲያሳልፈው ብሎ ነጥብ፣ ዜሮ ወይም የመጣለትን ቁጥር ይጽፋል፤ ያን ጊዜ ባዶነቱ እንኳ ምልክት መሆኑ ይቀራል። ከዚህም ሌላ፣ በድረ ገጽ ቅጽ ላይ `required` የሚለው ትእዛዝ በተራ የጽሑፍ ሳጥን ውስጥ አንድ የቦታ ምልክት ብቻ ከተመታ እንደተሞላ ይቆጥረዋል። ፋይሉን በሚፈትሸው `JSON Schema` ውስጥም ያው ቃል የሚያረጋግጠው ዓምዱ መኖሩን ብቻ ነው፤ ውስጡ ምን እንዳለ አይጠይቅም። ስለዚህ «አስገዳጅ» ሲባል ትርጉሙ እያንዳንዱ ማመልከቻ ዓምዱን ይዞ ይምጣ፣ መልስ ከሌለም ለምን እንደሌለ ይንገረን መሆን አለበት።

ይህን ሁሉ የያዘው ኢሜይል አጭር ሊሆን ይችላል። ተቀባዩ ብዙውን ጊዜ የፕሮግራሙ አስተባባሪ እንጂ ኮድ ጻፊ አለመሆኑን ማሰብ ያስፈልጋል።

«ጉዳዩ፦ ለምዘናው የግድ የሚያስፈልጉ አራት ነገሮች

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰንብተዋል? የላኩልን ፋይል በደህና ደርሶናል፤ እናመሰግናለን። ነጥብ መስጠት ከመጀመራችን በፊት እያንዳንዱ ማመልከቻ እነዚህን ይዞ እንዲመጣልን እንጠይቃለን።

አንደኛ፣ የማይደገም የማመልከቻ ቁጥር። አሁን የምንለየው በስም ነው፤ ፀሐይ፣ ፀሀይ እና ጸሀይ ተብሎ የተጻፈ ስም ለኮምፒውተሩ ሦስት ሰው ነው። ሁለተኛ፣ ከልደት ቀኑ ጎን አቆጣጠሩ። በተላከው ፋይል ውስጥ 13ኛ ወርም 31ኛ ቀንም አግኝተናል፤ ስለዚህ ሁለቱ ተቀላቅለዋል። ሦስተኛ፣ ማመልከቻው የገባበት ሰዓት የአዲስ አበባ ይሁን የሰርቨሩ የሚለይ ምልክት። አራተኛ፣ ወርሃዊ ሽያጭ ባዶ ከሆነ ምክንያቱ፦ ሽያጭ አልነበረም፣ መረጃው የለኝም፣ ወይም ሥራው በዚያ ወር አልተጀመረም ወይም ቆሞ ነበር።

የተሟላ ማመልከቻ ምን እንደሚመስል ናሙና ከታች አስቀምጠናል፤ ለቅጹ ባለሙያዎ ያስተላልፉልን። ከእነዚህ ውስጥ ለመቀየር የሚያስቸግራችሁ ካለ ቢነግሩን በስልክ እንነጋገርበታለን። እስከዚያው ግን የጎደለውን በግምት አንሞላም፤ ማንንም ከውድድሩ አናስወጣም።»

ከኢሜይሉ ሥር የሚቀመጠው ናሙና ይህን ይመስላል፦

```json
{
  "application_id": "A-0417",
  "birth_date": "1996-04-12",
  "birth_calendar": "ET",
  "submitted_at": "2025-10-10T23:40:00+03:00",
  "monthly_sales": null,
  "no_sales_reason": "not_started"
}
```

`ET` የኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው፤ ለአውሮፓውያኑ `GR` ይጻፋል። `null` «እዚህ ቁጥር የለም» ማለት ሲሆን ምክንያቱ ከሥሩ ባለው መስመር ይገኛል። የልደት ቀኑ ዓመት፣ ወር፣ ቀን በሚል ቅደም ተከተል ስለተጻፈ የትኛው ወር የትኛው ቀን ነው የሚለው ጭቅጭቅም ይቀራል። እዚህ ላይ የቅጹ ባለሙያ አንድ ነገር ማወቅ አለበት፦ በድረ ገጽ ላይ የተለመደው የቀን መምረጫ ሳጥን የሚያውቀው የአውሮፓውያኑን አቆጣጠር ብቻ ነው። ጳጉሜን 3 የተወለደ ሰው በዚያ ሳጥን ቀኑን ሊያስገባ አይችልም። ለኢትዮጵያ አቆጣጠር ቀን፣ ወርና ዓመት በየራሳቸው ሳጥን ቢጠየቁ ይሻላል።

ቅጹ ከተስተካከለ በኋላ የሚመጡት ማመልከቻዎች ይቃናሉ። ቀድሞ የገቡትስ? ለሁሉም መደወል አድካሚ ነው፤ አስፈላጊም አይደለም። በእኛ ምሳሌ የተጻፈው ዓመት 1997፣ 1998 ወይም 1999 ከሆነ ሰውየው በየትኛውም አቆጣጠር ከ18 እስከ 28 ባለው ዕድሜ ውስጥ ይወድቃል። መልሱ ውሳኔውን ስለማይቀይረው እሱን መጠየቅ ሥራ ማብዛት ነው። 1992 ብሎ የጻፈ ግን በእኛ አቆጣጠር 25 ወይም 26 ዓመቱ ሲሆን በአውሮፓውያኑ ከ30 አልፏል። አደጋው በሌላ በኩልም አለ። 20/05/2000 ብሎ የጻፈ በአውሮፓውያን 25 ዓመቱ ነው፤ በኢትዮጵያ ግን ጥር 20 ቀን 2000 ነውና ገና 17 ዓመቱ ነው፤ ለመወዳደር አልደረሰም።

ስለዚህ ባለሙያው ሶፍትዌሩን እያንዳንዱን ቀን በሁለቱም አቆጣጠር እንዲያሰላና ውጤቱ የሚለያይባቸውን ብቻ ነጥሎ እንዲያወጣ ያዝዘዋል። የእነዚያን ዝርዝር ለአጋር ድርጅቱ ይልካል፤ ስልክ የሚደውሉት እነሱ ናቸው፤ አመልካቹም የሚያውቀው እነሱን ነው። ሲደውሉ «ዕድሜዎ ስንት ነው?» ብለው ባይጠይቁ ይመረጣል። ደንቡን ያነበበ ሰው የሚያሳልፈውን ቁጥር ሊናገር ይችላል። «የልደት ቀንዎን ሲሞሉ የትኛውን ሰነድ አይተው ነበር?» ብሎ መጠየቅና የዚያን ሰነድ ፎቶ እንዲልኩ ማድረግ ይሻላል። መልሱ ሲመጣ የሚሞላው `birth_calendar` የሚለው ዓምድ ብቻ ነው፤ አመልካቹ በእጁ የጻፈው 12/04/1996 እንደነበረ ይቀመጣል፤ ነገ ቅሬታ ቢነሳ ዳኛው ሁለቱንም ጎን ለጎን ማየት እንዲችል።