ከጉንፋን በኋላ የሚመጣ የልጆች የጆሮ ህመም

ከጉንፋን በኋላ የሚመጣ የልጆች የጆሮ ህመም አብዛኛውን ጊዜ የመካከለኛው ጆሮ ድንገተኛ ኢንፌክሽን (አኪዩት ኦታይተስ ሚዲያ) ምልክት ነው። በሽታው ብዙ ጊዜ ያለ አንቲባዮቲክ በራሱ ይድናል። ስለዚህ ሕክምናው ሁለት ጥያቄዎችን ለያይቶ ይመልሳል፤ አንደኛው ህመሙ አሁን እንዴት ይታገሣል፣ ሁለተኛው አንቲባዮቲክ ወዲያው ይጀመር ወይስ ይጠበቅ የሚሉት ናቸው።

## መንስኤ

መካከለኛው ጆሮ ከጆሮ ታምቡር በስተጀርባ የሚገኝ አየር ያለበት ትንሽ ክፍል ነው። ከአፍንጫ ጀርባ ጋር የሚያገናኘው ዩስታኪያን ቱቦ የሚባል ቀጭን መተላለፊያ አለው። በሕፃናት ላይ ይህ ቱቦ አጭርና አግድም ስለሆነ በጉንፋን ጊዜ ሲያብጥ በቀላሉ ይዘጋል። ከታምቡሩ ጀርባ ፈሳሽ ይጠራቀማል፤ በፈሳሹ ውስጥ ቫይረስ ወይም ባክቴሪያ ሲራባ ታምቡሩ ተገፍቶ ወደ ውጭ ያብጣል፤ ህመሙም የሚመጣው ከዚህ ነው። ልጁ ሲተኛ ህመሙ ስለሚብስ ብዙ ጊዜ በሌሊት ያስለቅሳል።

## ህመምን ማስታገስ

አንቲባዮቲክ በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ህመምን አይቀንስም። በዚህ ጊዜ ውስጥ ከአስር ልጆች የስድስቱ ያህል ህመም አንቲባዮቲክ ቢወስዱም ባይወስዱም ይጠፋል። ስለዚህ ይጠበቅም አይጠበቅም ማስታገሻ ወዲያው ይሰጣል።

የተለመደው ፓራሲታሞል ነው። መጠኑ የሚሰላው በዕድሜ ብቻ ሳይሆን በክብደት ሲሆን በአንድ ጊዜ ለእያንዳንዱ ኪሎግራም ከ10 እስከ 15 ሚሊግራም ይሰጣል። በየ4 እስከ 6 ሰዓት ሊደገም ይችላል፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ግን ከ4 ጊዜ አይበልጥም። ለምሳሌ ሁለት ዓመት ተኩል የሆናትና 12 ኪሎግራም የምትመዝን ልጅ በአንድ ጊዜ እስከ 180 ሚሊግራም ልትወስድ ትችላለች። በ5 ሚሊሊትር 120 ሚሊግራም ካለው ሽሮፕ ይህ 7.5 ሚሊሊትር ነው። በ5 ሚሊሊትር 250 ሚሊግራም ካለው ግን 3.6 ሚሊሊትር ብቻ ይሆናል። ጠርሙሱን ሳያነቡ ከሁለተኛው 7.5 ሚሊሊትር መስጠት መጠኑን ከእጥፍ በላይ ያደርገዋል። አንዳንድ የጉንፋን ሽሮፖችም ፓራሲታሞል ስላላቸው አብረው ሲሰጡ መድኃኒቱ ይደራረባል። መለኪያውም ከመድኃኒቱ ጋር የሚመጣው ስፖይት ወይም ኩባያ እንጂ የወጥ ቤት ማንኪያ መሆን የለበትም።

ከ6 ወር በላይ ለሆኑ ልጆች አይቡፕሮፌንም ይሰጣል፤ ልጁ ተቅማጥና ትውከት ኖሮት ፈሳሽ ካነሰው ግን ኩላሊት ሊጎዳ ይችላል። አስፕሪን ሬይ ሲንድሮም የሚባል አደገኛ የጉበትና የአንጎል ጉዳት ሊያስከትል ስለሚችል ለልጆች አይሰጥም። ታምቡሩ ተቀዶ ሊሆን ስለሚችል ሳይመረመር ዘይት፣ የቅጠል ጭማቂም ሆነ ሌላ ነገር ጆሮ ውስጥ አይጨመርም።

## መጠበቅ ወይስ አንቲባዮቲክ

የአሜሪካ የሕፃናት ሕክምና አካዳሚ በ2013 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ መሠረት ሐኪም ጆሮውን በኦቶስኮፕ አይቶ በሽታውን ካረጋገጠ በኋላ ከ48 እስከ 72 ሰዓት መጠበቅ ይቻላል። ልጁ 2 ዓመት የሞላው፣ ህመሙ ቀላልና ከ48 ሰዓት ያነሰ፣ ትኩሳቱም ከ39 ዲግሪ በታች መሆን አለበት። ከ6 ወር እስከ 2 ዓመት ባሉት ላይ መጠበቅ የሚታሰበው አንድ ጆሮ ብቻ ሲታመም ነው። ከ6 ወር በታች ለሆኑና ከጆሯቸው መግል ለሚወጣ ልጆች አንቲባዮቲክ ወዲያው ይጀመራል።

ከላይ የተጠቀሰችው ልጅ ጉንፋን በያዛት በአራተኛው ቀን አንድ ጆሮዋ ብቻ ቢታመም፣ ትኩሳቷ 38.2 ዲግሪ ቢሆንና ህመሟ ቀላል ቢሆን መጠበቅ ትችላለች። ከዚህ የሚገኘው ጥቅም በአንቲባዮቲክ ምክንያት ከሚመጣ ተቅማጥ፣ ትውከትና ሽፍታ መዳን ነው። በሦስተኛው ቀን ካልተሻላት ወይም ከዚያ በፊት ከባሰባት ግን አብዛኛውን ጊዜ አሞክሲሲሊን ይጀመርላታል። መጠበቅ ትርጉም የሚኖረውም ቤተሰቡ በቀላሉ ተመልሶ መምጣት ሲችል ነው።

በኢትዮጵያ ጤና ጣቢያዎች የሚሠራበት የተቀናጀ የሕፃናት ሕመም ሕክምና መመሪያ ግን የተለየ መንገድ ይከተላል። ጤና ባለሙያው ያለ ኦቶስኮፕም እንዲሠራ የተዘጋጀ በመሆኑ የጆሮ ህመም ያለበት ወይም ከ14 ቀን ላነሰ ጊዜ መግል የሚወጣው ልጅ ለ5 ቀን አንቲባዮቲክ፣ ለህመሙም ፓራሲታሞል ይሰጠዋል፤ በ5ኛው ቀንም ለክትትል ይመለሳል። መግል ካለ ጆሮው በተጠቀለለ ንጹሕ ጨርቅ ይደርቃል።

## የማይጠበቅባቸው ምልክቶች

ከባድ ህመም በድንገት ጠፍቶ መግል ከወጣ ታምቡሩ ተቀዷል ማለት ነው። ይህ እንደ መዳን አይቆጠርም፤ ምርመራ ያስፈልገዋል። ከጆሮ ጀርባ ያለው አጥንት ሲያብጥና ሲነካ ሲያም ኢንፌክሽኑ ወደ አጥንቱ ተዛምቶ ሊሆን ስለሚችል ልጁ በአስቸኳይ ወደ ሆስፒታል ይላካል። የአንገት መገተር፣ የፊት በአንድ ወገን መጣመም፣ የሚጥል በሽታ ዓይነት መንቀጥቀጥ፣ ልጁን መቀስቀስ አለመቻል ወይም መጠጣት አለመቻልም የዚያው ዓይነት የአስቸኳይ ሕክምና ምልክቶች ናቸው።